የሴሚስተር አማካይ ውጤት እንዴት እንደተሰላ ለትምህርት ቤት ስለሚጻፍ ደብዳቤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ ሲታደል ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው ከታች የተጻፈውን አማካይና ደረጃ ነው። ቁጥሩ ከ50 በታች ከሆነ ልጁ ይገሠጻል፣ ካርዱ ይፈረምበታል፣ ከዚያም ይመለሳል። ያ ቁጥር ከየት እንደመጣና በሁለተኛው ሴሚስተር ስንት ቢመጣ ልጁ እንደሚያልፍ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ለብዙ ዓመታት የክፍል ኃላፊ መምህር ሆኜ ሮስተር ስሠራ ቆይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የተማሪ ወላጅ ነኝ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሁለቱም ወገን ሆኜ በተደጋጋሚ የሰማኋቸው ናቸው።

ካርዱ ላይ ያለው አማካይ በትክክል ምንድን ነው?

አማካይ ማለት ልጁ በየትምህርቱ ከ100 ያገኘው ውጤት ተደምሮ ለትምህርቶቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም፣ ወደ ኋላ ተመልሰን ስናየው እያንዳንዱ የትምህርት ውጤት ራሱ የብዙ ቁጥሮች ድምር መሆኑን እንረዳለን። መምህሩ በሴሚስተሩ ውስጥ የሰጣቸውን ፈተናዎች፣ የቤት ሥራዎች፣ የቡድን ሥራዎችና የክፍል ተሳትፎ በማርክ ሊስት ላይ ይመዘግባል፤ ይህ ተከታታይ ምዘና ይባላል። በእሱ ላይ የማጠቃለያ ፈተናው ተጨምሮ 100 ይሞላል። የተከታታይ ምዘናውና የማጠቃለያ ፈተናው ድርሻ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ከክፍል ደረጃ ክፍል ደረጃ ስለሚለያይ፣ በደብዳቤው ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ይህ ክፍፍል ሊሆን ይገባል።

የእያንዳንዱ ትምህርት መምህር ማርክ ሊስቱን ለክፍል ኃላፊው ያስረክባል፤ የክፍል ኃላፊው ደግሞ የሁሉንም ትምህርት ውጤት ወደ አንድ ሰፊ ሮስተር ይገለብጣል፣ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ደረጃ ያወጣል፤ በመጨረሻም ከሮስተሩ ወደ ካርድ ይገለብጣል። ስለዚህ አንድ ውጤት ከልጁ የፈተና ወረቀት ተነስቶ ካርዱ ላይ እስኪደርስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በሰው እጅ ይገለበጣል ማለት ነው።

ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ቤት ውስጥ ምን ላጣራ?

ካርዱን፣ ልጁ ያስቀመጣቸውን የታረሙ የፈተና ወረቀቶችና ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ያውጡና መጀመሪያ ድምሩን ራስዎ ይደምሩ፤ ከዚያ ውጤት የተጻፈባቸውን ትምህርቶች ይቁጠሩ። ብዙ ወላጅ የሚዘለው ይህን ቆጠራ ነው፤ እኔ ግን በጣም የሚጠቅመው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንከተለው አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ይኑረን። የካርዱ ውጤት እንዲህ ነው፦ አማርኛ 61፣ እንግሊዝኛ 49፣ ሒሳብ 38፣ አጠቃላይ ሳይንስ 46፣ ማኅበራዊ ጥናት 54፣ የዜግነት ትምህርት 63፣ የክውንና የእይታ ጥበባት 57፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ 60፣ የሥራና ቴክኒክ ትምህርት 43። በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ከታች ድምር 471፣ አማካይ 47.1 ተብሎ ተጽፏል።

ድምሩ ትክክል ነው፤ ዘጠኙን ቁጥሮች ስንደምር 471 ይመጣል። አማካዩ ላይ ግን ጥያቄ ይነሳል። 471 ለ10 ሲካፈል 47.1 ይሆናል፤ የተደመሩት ግን ዘጠኝ ትምህርቶች ናቸው። 471 ለ9 ቢካፈል 52.3 ይመጣል። ስለዚህ ይህ ልጅ «ወደቀ» የተባለው ባላጠናው ትምህርት ምክንያት ሳይሆን ባልተሞላ አንድ ሣጥን ምክንያት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስህተት አሁን ሮስተር በኮምፒውተር በሚሠራበት ጊዜም አልጠፋም። በኤክሴል አማካይ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ ሁለቱ ቀመሮች ሁሉም ሣጥን ሲሞላ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፣ አንድ ሣጥን ባዶ ሲሆን ግን ይለያያሉ።

```
=SUM(C5:L5)/10
=AVERAGE(C5:L5)
```

የመጀመሪያው ሣጥኑ ባዶ ቢሆንም ሁልጊዜ ለ10 ያካፍላል። ሁለተኛው ባዶውን ሣጥን ትቶ ውጤት ላለባቸው ብቻ ያካፍላል። በባዶው ሣጥን ውስጥ 0 ከተጻፈ ግን ሁለተኛውም እንደ ውጤት ቆጥሮ አማካዩን ያወርደዋል። መምህሩ ይህን ልብ ላይለው ይችላል፤ ከሃምሳና ከስልሳ ልጅ መካከል የአንዱ ልጅ አንድ ሣጥን ነው።

የፈተና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና የተመዘገበው አይገጥምም፤ ይህ ሁልጊዜ ስህተት ነው?

አይደለም፤ በዚህ ላይ በርካታ ወላጆች ያለ ምክንያት ሲቆጡ አይቻለሁ። አንድ ፈተና ከ20 ታርሞ ከ10 ሊያዝ ይችላል። ልጁ ወረቀቱ ላይ 14 አግኝቶ ማርክ ሊስቱ ላይ 7 ቢጻፍ የተወሰደበት ነገር የለም። ማጠቃለያ ፈተናውም በ40 ጥያቄ ተዘጋጅቶ ከ60 ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ልጄ 14 አግኝቶ ለምን 7 ተጻፈ?» ከማለት ይልቅ «ፈተናው ከስንት ታርሞ ከስንት ተያዘ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ነው፤ መምህሩ በአንድ መስመር ሊመልሰው ይችላል፣ ወላጁም በኋላ አያፍርበትም።

ስህተት በብዛት የሚፈጠረው የት ላይ ነው?

ሦስት ቦታዎችን አውቃለሁ። አንደኛው ከላይ ያየነው ባዶ ሣጥን ነው፤ በተለይ በሴሚስተሩ መካከል መምህር በተቀየረበት ወይም ማርክ ሊስት ዘግይቶ በደረሰበት ትምህርት ላይ ይከሰታል።

ሁለተኛው ልጁ ቀርቶበት ያልተፈተነው ፈተና እንደ 0 መያዙ ነው። በምሳሌያችን ውስጥ የልጁ ሒሳብ 38 ሊሆን የቻለው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ፈተና ከ10 7፣ የቤት ሥራ ከ10 8፣ ሁለተኛው ፈተና ከ10 0፣ የክፍል ሥራ ከ10 6፤ ተከታታይ ምዘናው በአጠቃላይ ከ40 21 ሆነ። ማጠቃለያ ፈተናው ከ60 17 ነው። ሁለተኛው ፈተና በተሰጠበት ቀን ልጁ ታሞ ጤና ጣቢያ ነበር፤ የሕክምና ወረቀቱም ቤት ውስጥ አለ፣ ለትምህርት ቤቱ ግን አልደረሰም። ማርክ ሊስቱ ላይ ያለው 0 «ሠርቶ አላገኘም» ማለት ይሁን «አልተፈተነም» ማለት ከካርዱ ላይ ማወቅ አይቻልም፤ የሚታወቀው ተጠይቆ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የመስመር መንሸራተት ነው። ይህን በራሴ ስህተት ስለማውቀው በዝርዝር ልንገራችሁ። አንድ ዓመት፣ ኅዳር ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዘዋውራ የመጣች ተማሪ ነበረችኝ። እኔ ስሟን በፊደል ተራ በሮስተሩ መካከል አስገባሁ፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ግን ማርክ ሊስቱን ያዘጋጀው በአሮጌው ዝርዝር ስለነበር እሷን ከመጨረሻ ጽፏታል። ማታ በማስመሪያ መስመሩን እየያዝኩ ስገለብጥ ስሙን ሳይሆን ተራ ቁጥሩን ተከተልኩ። ከእሷ ጀምሮ ወደ ታች ያሉት አሥራ ስድስት ልጆች ሁሉ የሌላ ልጅ እንግሊዝኛ ወሰዱ። ያገኘው የአንድ ልጅ አባት ነው፤ የታረመውን ማጠቃለያ ፈተና ይዞ መጥቶ «ይሄ ወረቀት ብቻውን ካርዱ ላይ ካለው ይበልጣል» አለኝ፤ ድምፁን ሳያነሳ። ያ ሰው ባይመጣ ኖሮ አሥራ ስድስት ልጅ የራሱ ባልሆነ ውጤት ዓመቱን ይጨርስ ነበር። መንሸራተቱን የሚጠቁመው ምልክት ይህ ነው፦ የአንድ ትምህርት ውጤት ብቻ ከልጁ ወረቀቶች ጋር ጨርሶ አይገናኝም፣ ሌሎቹ ግን ይገጥማሉ።

ደብዳቤው ለማን ይጻፋል? መቼስ?

አስቀድመው የትምህርቱን መምህርና የክፍል ኃላፊውን በአካል ቢያነጋግሩ መልካም ነው፤ ብዙው ነገር እዚያው ያልቃል። ደብዳቤው የሚጻፈው ግን ለርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ግልባጭ ይደረጋል። ሮስተሩ በርዕሰ መምህሩ ፊርማና በትምህርት ቤቱ ማኅተም የጸደቀ ሰነድ ስለሆነ መምህሩ ቢያምንበት እንኳ ብቻውን ሊቀይረው አይችልም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ካርዱ በእጅዎ በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጽፉ ይመረጣል። ማርክ ሊስቱ በመምህሩ እጅ ነው፣ የፈተና ወረቀቶቹም ገና አልተጣሉም። ሰኔ ላይ ዓመታዊ ሮስተሩ ከተዘጋ በኋላ የአንደኛውን ሴሚስተር ውጤት ማንሳት ለሁሉም ወገን ከባድ ይሆናል፤ መምህሩ ሊዛወር፣ ወረቀቱም ሊጠፋ ይችላል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ሲሰጡ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከወር በኋላ «ደብዳቤው አልደረሰንም» ቢባል ግን በእጅዎ ያለው ማስረጃ ይህ ቅጂ ብቻ ነው።

ደብዳቤው ምን ይመስላል?

አጭር ይሁን፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ መምህሩ አያያዝ ወይም ስለ ትምህርት ክፍያ የሚነሳ ቅሬታ ካለ በሌላ ጊዜና በሌላ ደብዳቤ ይቅረብ፤ ሁለት ጉዳይ በአንድ ወረቀት ላይ ሲቀርብ መልስ የሚያገኘው ቀላሉ ብቻ ነው። ለምሳሌያችን ልጅ የሚጻፈው ደብዳቤ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

> ቀን፦ የካቲት ___ ቀን ___ ዓ.ም.
>
> ለ_____________ የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
> ርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት
>
> ጉዳዩ፦ የአንደኛ ሴሚስተር አማካይ ውጤት አሰላል እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ
>
> ልጄ ተማሪ _____________ በትምህርት ቤታችሁ የ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ የአንደኛ ሴሚስተር የውጤት ካርዱ ደርሶኝ ተመልክቻለሁ። በካርዱ ላይ ድምር 471፣ አማካይ 47.1 ተብሎ ተመዝግቧል። ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋር በአካል ተነጋግሬ ጉዳዩን በጽሑፍ እንዳቀርብ ስለነገሩኝ የሚከተሉት እንዲብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> አንደኛ፣ በካርዱ ላይ ውጤት የተጻፈው በዘጠኝ ትምህርቶች ሲሆን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ቦታ ባዶ ነው። አማካዩ የተካፈለው ለዘጠኝ ነው ወይስ ለአሥር? የዚህ ትምህርት ውጤትስ ስንት ነው?
>
> ሁለተኛ፣ የሒሳብ ውጤቱ 38 የሆነበት ዝርዝር፣ ማለትም የተከታታይ ምዘናው እያንዳንዱ ክፍልና የማጠቃለያ ፈተናው ከስንት ስንት እንደተያዘ እንዲገለጽልኝ። ልጁ ሁለተኛው የሒሳብ ፈተና በተሰጠበት ቀን ታሞ የነበረ በመሆኑ የሕክምና ማስረጃውን አያይዤ አቅርቤያለሁ፤ ፈተናው እንደ ዜሮ ተይዞ ከሆነ የማካካሻ ፈተና እንዲሰጠው እጠይቃለሁ።
>
> ሦስተኛ፣ ወደ 8ኛ ክፍል ለመዛወር በትምህርት ቤቱ የሚሠራበት መመሪያ፣ ማለትም ዝቅተኛው ዓመታዊ አማካይ ስንት እንደሆነ፣ ከ50 በታች የሆኑ ትምህርቶች ብዛት ገደብ ያለው መሆኑንና ውጤት የሚጠጋጋ መሆን አለመሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ።
>
> ልጄን በሁለተኛው ሴሚስተር በአግባቡ ለመርዳት መልሱ የሚያስፈልገኝ በመሆኑ በተቻለ ፍጥነት እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> የወላጅ ስም፣ ፊርማና ስልክ ቁጥር
>
> ግልባጭ፦ ለ7ኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ መምህር
> አባሪ፦ የካርዱ ቅጂ 1 ገጽ፣ የሕክምና ማስረጃ ቅጂ 1 ገጽ

ደብዳቤው «ስህተት ሠርታችኋል» እንደማይል ልብ ይበሉ። የሚለው «እንዴት እንደተሠራ አሳዩኝ» ነው። ስህተት ካለ ዝርዝሩ ራሱ ያወጣዋል፤ ከሌለም ማንም ሳይቀየም ነገሩ ያበቃል።

ልጄ እንዲያልፍ በሁለተኛው ሴሚስተር ስንት ያስፈልገዋል?

ዓመታዊ አማካይ ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ሴሚስተር አማካዮች ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። ማለፊያው 50 ከሆነ የሁለቱ ድምር ቢያንስ 100 መሆን አለበት። ስለዚህ ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ ከ100 ላይ የአንደኛውን ሴሚስተር አማካይ ይቀንሱ።

በካርዱ ላይ እንዳለው 47.1 ከሆነ ልጁ 52.9 ያስፈልገዋል፤ በአሥር ትምህርት 529 ማለት ነው፣ ካርዱ ላይ ካለው ድምር በ58 ነጥብ ይበልጣል። ትምህርት ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን ውጤት ፈልጎ 52 ሆኖ ቢያገኘው ግን ድምሩ 523፣ አማካዩ 52.3 ይሆናል፤ የሚያስፈልገውም 47.7 ብቻ ነው። አንድ ባዶ ሣጥን ከልጁ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ከአምስት ነጥብ በላይ አማካይ ይጠይቅበት ነበር።

የሒሳቡ ዜሮስ? ልጁ ማካካሻ ተፈትኖ ከ10 6 ቢያገኝ ሒሳቡ ከ38 ወደ 44 ይወጣል፣ ጠቅላላ ድምሩ 529፣ አማካዩ 52.9 ይሆናል። አማካዩ የጨመረው ስድስት ነጥብ ሳይሆን ስድስት አሥረኛ ነው። በአሥር ትምህርት ውስጥ የአንድ ትምህርት እርማት አማካዩን የሚያንቀሳቅሰው በአንድ አሥረኛው ብቻ በመሆኑ፣ አማካዩ በጣም ዝቅ ያለበት ልጅ በአንድ ፈተና እርማት ይድናል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ያ እርማት የሚጠቅመው ለሒሳቡ ለራሱ ነው።

ለአንድ ትምህርትም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። ሒሳብ 44 ከሆነ በሁለተኛው ሴሚስተር 56 ያስፈልጋል። ሚያዝያ ላይ የልጁ ተከታታይ ምዘና ከ40 26 ሆኖ ቢገኝ፣ ከማጠቃለያ ፈተናው ከ60 30 ቢያመጣ ይበቃዋል፤ ይኸውም ግማሹን ነው። 38 እንዳለ ቢቀር ኖሮ 36 ያስፈልገው ነበር። ልጁን ቁጭ አድርጎ «በርታ» ከማለት «ከስልሳ ሠላሳ ይበቃሃል፤ ሠላሳውን ከየትኞቹ ምዕራፎች እናግኝ?» ማለት እንደሚለይ ከራሴ ልጅ ጋር አይቻለሁ።

አማካዩ ከ50 በላይ ሆኖ ልጁ ሊወድቅ ይችላል?

ይችላል፤ ለዚህም ነው ደብዳቤው መመሪያውን በጽሑፍ የሚጠይቀው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች አማካዩን ብቻ ያያሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከ50 በታች የሆኑ ትምህርቶችን ብዛት ወይም የተወሰኑ ትምህርቶችን ለይተው ይመለከታሉ። የግል ትምህርት ቤቶች ከዚህ የጠበቀ የራሳቸው መስፈርት ሊኖራቸው ይችላል፤ የራሳቸው ተጨማሪ ትምህርትም ካለ በአማካዩ ውስጥ ይቆጠር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የምሳሌያችን ልጅ አማካዩ 52.9 ቢሆንም አራት ትምህርቶች ከ50 በታች አሉት፦ እንግሊዝኛ 49፣ ሒሳብ 44፣ አጠቃላይ ሳይንስ 46፣ የሥራና ቴክኒክ ትምህርት 43። እያንዳንዳቸውን በዓመቱ 50 ለማድረስ በሁለተኛው ሴሚስተር በቅደም ተከተል 51፣ 56፣ 54 እና 57 ያስፈልጋሉ። ወላጁ እነዚህን አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፎ ልጁ በሚያጠናበት ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ፣ የአስጠኚ ገንዘብ የት ላይ መዋል እንዳለበትም ያሳዩታል።

ልጅዎ 8ኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ የክፍል ውጤቱ ብቻውን አይበቃም፤ የክልል ወይም የከተማ አስተዳደሩ ፈተና ስላለበት ወደ 9ኛ ክፍል የሚያሳልፈውን ነጥብ ለብቻው ይጠይቁ። 6ኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ወላጅም እንዲሁ ቢያደርግ ይሻላል።

49.6 ወደ 50 ይጠጋጋል?

እንደ ትምህርት ቤቱ አሠራር ነው። አንዳንዱ የትምህርቱን ውጤት በሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ አማካዩን ግን እንዳለ ይተወዋል። አማካዩ የሚመዘገበው ከነጥብ በኋላ በስንት አሃዝ እንደሆነ አስቀድመው ካወቁ ሰኔ ላይ ከመከራከር ይድናሉ።

የሌሎችን ልጆች ውጤት አይቼ ማነጻጸር እችላለሁ?

አይገባም። ትምህርት ቤቱ የልጅዎን መስመር ብቻ ሊያሳይዎት ይገባል። ሮስተሩን ማየት ካስፈለገ መምህሩ ከላይና ከታች ያሉትን መስመሮች በወረቀት ሸፍኖ ያሳይዎታል፤ እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። የጎረቤት ልጅ ስንት እንዳገኘ መጠየቅ የደብዳቤውን ክብደት ይቀንሰዋል።

ደብዳቤ በመጻፌ ልጄ ላይ ቂም ይያዝበታል?

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የምሰማው በዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። መምህር የሚቀየመው በአብዛኛው በሁለት ነገር ነው፦ በተማሪዎች ፊት ሲጠየቅና እሱን ሳያነጋግሩ በላዩ ሲኬድበት። ስለዚህ ደብዳቤውን ልጁ ይዞ እንዲሄድ አያድርጉ፣ በክፍል በር ላይም አይስጡ። መጀመሪያ መምህሩን ያነጋግሩ፣ ለርዕሰ መምህሩ እንደሚጽፉም ይንገሩት። ልጁንም «ማርክህን ላስጨምርልህ ነው» አይበሉት፤ የሚጠየቀው አሰላሉ እንጂ ጭማሪ አይደለም።

ምን ዓይነት መልስ በቂ ነው? መልስ ካልመጣስ?

በቂ መልስ ማለት ቁጥሮች ያሉበት መልስ ነው። «ውጤቱ ተጣርቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም፤ በትሕትና ተመልሰው የማርክ ሊስቱ ዝርዝር እንዲታይልዎ ይጠይቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልደረሰዎት የገቢ ቁጥሩን ጠቅሰው አንድ አጭር ማስታወሻ ይጻፉ። ከዚያም ዝም ከተባለ ጉዳዩን ወደ ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ በመጨረሻም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መውሰድ ይቻላል፤ የደብዳቤዎቹን ቅጂ ይዘው ይሂዱ።

ስህተቱ ታምኖ ሲታረም ደግሞ ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ ተሰርዞ አዲስ ቁጥር መጻፉ ብቻ አይብቃዎት። እርማቱ በሮስተሩ ላይም መደረጉን፣ ካርዱ ላይ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ማረፉን፣ የታረመውም አማካይ ወደ ዓመታዊው ስሌት መግባቱን ያረጋግጡ። ሰኔ ላይ ዓመታዊው አማካይ የሚሠራው ከሮስተሩ ስለሆነ፣ ካርዱ ላይ 52.9 ተጽፎ ሮስተሩ ላይ 47.1 ከቀረ ልጁ የሚዛወረው ወይም የሚደግመው በ47.1 ነው።